እስኪጣራ ድረስ ማን ይክፈል?

ጋምቤላ ውስጥ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው የዕግድ ደብዳቤ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ቁጥርና ቀን አለው፣ ክብ ማኅተም ተረግጦበታል፣ ከግርጌው ለፋይናንስና ለሰው ሀብት ግልባጭ ይደረግ ይላል። መሐሉ ላይ ደግሞ ከቢሮ ቢሮ የማይለያይ ዓረፍተ ነገር ሰፍሯል፤ የቀረበብዎ ጥቆማ ተጣርቶ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ከሥራና ከደመወዝ ታግደዋል። ዕግዱ የሚጀምርበት ቀን በግልጽ ተጽፏል። የሚያበቃበት ቀን ግን ብዙ ጊዜ የለም።

ደብዳቤውን የሚፈርመው ኃላፊ ክፋት የሠራ አይመስለውም። የታገደው ሰው የሥራ ባልደረቦችም ቢሆኑ ነገሩ የተገባ ነው ይላሉ። ያልሠራ እንዴት ደመወዝ ይበላል? በሕዝብ ገንዘብ የተጠረጠረ ሰው በሕዝብ ገንዘብ ቤቱ ተቀምጦ ይቀለብ ወይ? ንጹሕ ከሆነ በኋላ ይከፈለዋል፣ ምን ይጎዳዋል? ይህ አነጋገር በቢሮም በቡና ቤትም ስለሚደጋገም የታገደው ሰው ራሱ እንኳ አምኖበት አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል።

ይህን አመለካከት ከሥሩ እሞግታለሁ። ምርመራው ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ የሚወስነው መሥሪያ ቤቱ ነው። ስለዚህ የጊዜውን ዋጋ መክፈል ያለበትም እሱ ነው። ደመወዙ ሲቋረጥ ምርመራው ለመሥሪያ ቤቱ ያለ ወጪ የሚካሄድ ይሆናል። ወጪ የሌለበትን ምርመራ ደግሞ ማንም አያጣድፈውም። የዕግዱ ርዝመትና የደመወዙ ነገር እንደ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ሲነሡ እሰማለሁ። ለእኔ አንድ ጥያቄ ናቸው።

መጀመሪያ ሕጉ ምን ይላል የሚለውን እንይ። ሕገ መንግሥቱ ክልሎች የራሳቸውን የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ሕግ እንዲያወጡ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። ስለዚህ ጋምቤላ ውስጥ ተፈጻሚ የሚሆነው የክልሉ አዋጅ ነው። የክልሎች አዋጆች ግን በአብዛኛው የፌዴራሉን አብነት ተከትለው የተቀረጹ በመሆናቸው ክርክሩን በፌዴራሉ ላይ ማካሄድ ይቀላል። በ1999 የወጣው አዋጅ ቁጥር 515 አንድ ሠራተኛ ከሥራ ሊታገድ የሚችልባቸውን ምክንያቶች ዘርዝሯል። ማስረጃ ይደብቃል ወይም ያጠፋል ተብሎ ሲገመት፣ በመሥሪያ ቤቱ ንብረት ላይ ተጨማሪ ጥፋት ይፈጽማል ተብሎ ሲታሰብ፣ የተከሰሰበት ጥፋት የሌሎችን ሠራተኞች ሞራል የሚነካ ወይም ሕዝብ በአገልግሎቱ ላይ ያለውን እምነት የሚያጓድል ሲሆን፣ ወይም ጥፋቱ ከሥራ የሚያሰናብት ዓይነት ሲሆን ነው። ሠራተኛው ታግዶ፣ ደመወዙም ተይዞ ሊቆይ የሚችለው ከሁለት ወር ለማይበልጥ ጊዜ ነው። ውሳኔው በጽሑፍ ሊሰጠው፣ ምክንያቱና ዕግዱ የሚቆይበት ጊዜ ሊጠቀስለት፣ የመሥሪያ ቤቱም ኃላፊ ሊፈርምበት ይገባል። የመጨረሻው ውሳኔ ስንብት ካልሆነ የተያዘው ደመወዝ ያለ ወለድ ይመለስለታል። አዋጁ በ2010 በአዋጅ ቁጥር 1064 ተተክቷል፤ ከዚያም ወዲህ ሕጉ እንደገና ተሻሽሏል። ጉዳይ የያዘ ሰው በሥራ ላይ ያለውን የክልሉን አዋጅ እጁ ላይ ማድረግ አለበት። የክርክሩ አጥንት ግን እዚሁ ላይ አለ።

ከእነዚህ ምክንያቶች ውስጥ ስንቱ ነው ከሠራተኛው ኪስ ጋር የሚገናኘው? ማስረጃ እንዳያጠፋ ከተፈለገ ቁልፉን መቀበል፣ ቢሮውን ማሸግ፣ ከሰነዱ ማራቅ ነው። ተጨማሪ ጥፋት እንዳይፈጽም ከተፈለገም መፍትሔው ከንብረቱ ማራቅ ነው። የሕዝብ እምነት እንዳይጓደል ከተባለ ባለጉዳይ በመስኮቱ በኩል እንዳያየው ማድረግ ይበቃል። ሦስቱም የሚጠይቁት ሰውየው ከቦታው ዞር እንዲል ብቻ ነው። ልጆቹ ቁርስ በልተው ይሁን ሳይበሉ ትምህርት ቤት መሄዳቸው ለማስረጃው ደኅንነት የሚጨምረው አንዳች ነገር የለም። ከደመወዝ ጋር በሩቁም ቢሆን ሊዛመድ የሚችለው አራተኛው ምክንያት ነው፤ ጥፋቱ ለስንብት የሚያበቃ ነው የሚለው። ይህ ደግሞ ምርመራው ሳይጀመር ውጤቱን መተንበይ ነው። ገና ያልተመረመረን ጉዳይ መጨረሻው ስንብት ነው ብሎ ደመወዝ መያዝ ፍርዱን አስቀድሞ ማስፈጸም አይደለምን?

ነገሩን ከቅጣቶቹ ጋር አስተያዩት። ያው አዋጅ ከዘረዘራቸው የዲሲፕሊን ቅጣቶች ውስጥ እስከ አንድ ወር ደመወዝ የሚደርስ መቀጮ አለ፤ ከፍ ሲል ደግሞ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ መቀጮ አለ። በዚህ ከፍ ባለው መቀጮ ለመቀጣት ክስ በጽሑፍ ሊደርስህ፣ መልስ ልትሰጥ፣ ምስክር ልታቀርብ፣ ኮሚቴው ሊሰማህ ይገባል። የሁለት ወር ደመወዝህን ለመያዝ ግን አንድ ፊርማ ይበቃል። ይመለስልሃል ይባላል እንጂ፣ በዚያ ሁለት ወር ውስጥ የቤት ኪራይህን በተስፋ የሚቀበልህ አከራይ የለም።

ከዚህ በኋላ ወደ አንድ ምሳሌ ልግባ። ሰውየው በስም የማውቀው ሰው አይደለም፤ ነገሩን ለማስላት ያቆምሁት ነው። ዝርዝሩ ግን ለክልሉ ሠራተኛ እንግዳ አይሆንበትም። በኑዌር ዞን፣ ከጋምቤላ ከተማ ርቆ ጂካዎ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ የመድኃኒት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው እንበል። ደመወዙ 6,000 ብር ነው። በጥር ወር ኦዲት መጥቶ የወባ መድኃኒት ጎድሏል አለ። በቢን ካርዱ ላይ ያለው ቁጥርና በመደርደሪያው ላይ ያለው ካርቶን አልገጠመም። አንድ ሞዴል 22 ላይ ደግሞ የተረካቢው ፊርማ የለም። ጥር 15 ቀን ሰውየው ከሥራና ከደመወዝ ታገደ።

ይህን ጉዳይ ለማጣራት በእውነት ምን ያህል ሥራ ያስፈልጋል? ንብረቱን እሱ ወይም ወኪሉ ባለበት መቁጠር ያስፈልጋል፤ የአንድ ጤና ጣቢያ መጋዘን ሁለት ቀን ቢፈጅ ነው። ቀጥሎ የገባውን በሞዴል 19፣ የወጣውን በሞዴል 22 አመሳክሮ ልዩነቱ የተፈጠረበትን ወር መለየት ይመጣል። ፊርማ የጎደለበት ሰነድ የትኛው ጤና ኬላ እንደሄደ ማየትና የኬላውን መዝገብ መጠየቅ፣ ቁልፉን ከእሱ ሌላ ማን ይይዝ እንደነበር ማጣራት፣ ሁለት ሦስት ሰው ማነጋገርም አለ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው በዘገየ አካሄድ እንኳ በሦስት ሳምንት ውስጥ ወይ ክስ ይመሠርታል፣ ወይ የሚያስከስስ ነገር አላገኘሁም ይላል። ሁለት ወር የሰጠው ሕግ ለመርማሪው ቸር ነው እንጂ ስስታም አይደለም።

ታዲያ ለምን ሰባት ወር ይፈጃል? የዲሲፕሊን ኮሚቴው አባላት ሌላ መደበኛ ሥራ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ሰብሳቢው ሥልጠና ሄዷል፣ ጸሐፊው ተዛውሯል፣ የሠራተኞች ተወካዩ የሚተካ ሰው አልተመረጠም። ኬላው ድረስ ሄዶ መዝገብ ለማየት ነዳጅና አበል ያስፈልጋል፤ በጀት የለም። ግንቦት ይገባና ዝናቡ ይጀምራል፣ ባሮ ሲሞላ ቆላው ረግረግ ይሆንና መኪና አይሄድም። በዚህ መሐል አንድ ሰው ደግሞ ጉዳዩ ለፖሊስ ስለተመራ የዐቃቤ ሕግን ውሳኔ እንጠብቅ ይላል። ይህ የመጨረሻው ሰበብ የሁሉም ንጉሥ ነው። ሕጉ ግን የዲሲፕሊን ርምጃ የፍርድ ቤትን ክርክር ወይም ውሳኔ ሳይጠብቅ እንደሚወሰድ በግልጽ አስቀምጧል። ፖሊስን የሚጠብቅ ኮሚቴ ሕጉ ያላዘዘውን እየጠበቀ ነው፤ የሚጠብቀውም በሌላ ሰው ረኀብ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ማንም የሚቸኩልበት ምክንያት የለውም። ለኃላፊው ሰውየው ከመንገዱ ተነሥቶለታል። ፋይናንስ ፔሮሉ ላይ ስሙን አይጽፍም፣ የሚጠይቀውም የለም። ኮሚቴው ዛሬ ቢሰበሰብ ወይም በሚቀጥለው ወር ቢሰበሰብ ከመሥሪያ ቤቱ ካዝና የሚወጣ ሳንቲም የለም። እያንዳንዱ የዘገየ ቀን የሚያስከፍለው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ያ ሰው ደግሞ ኮሚቴውን መሰብሰብ አይችልም።

የሰውየው ጉዳይ ነሐሴ 15 ተወሰነ እንበል። ፊርማ የጎደለው ሰነድ መድኃኒት ወደ ኬላ የሄደበት ሆኖ ተገኘ፤ ጥፋቱ የሰነድ አያያዝ ጉድለት ነው ተብሎ በአንድ ወር ደመወዝ ተቀጣ። ቅጣቱ 6,000 ብር ነው። በዚያ ላይ ግን ሰባት ወር ሙሉ 42,000 ብር ተይዞበት ከርሟል። ሕጉ የፈቀደው 12,000 ብቻ እንዲያዝ ነበር፤ የቀረው 30,000 ብር ያለ ሕግ የተያዘ ነው። አሁን ይመለስለት ሲባል ሌላ ጣጣ ይመጣል። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቷል። ከጥር እስከ ሰኔ ያለው ደመወዙ ባለፈው ዓመት በጀት ውስጥ ነበር፤ ያ ገንዘብ ወይ ለሌላ ርዕስ ተዛውሮ አልቋል፣ ወይ ተመላሽ ተደርጓል። ውዝፉን ከዘንድሮው በጀት ለማውጣት ደብዳቤ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ፋይናንስ ይመላለሳል። ንጹሕ ከሆነ ይከፈለዋል የሚለው መጽናኛ ተግባር ላይ ሲውል መልኩ ይህ ነው። ሰውየው ከሱቅ በዱቤ፣ ከአራጣ አበዳሪ በወለድ ተበድሮ ኖሯል። የሚመለስለት ግን ያለ ወለድ ነው።

ታግዶ የመቆየት ነገር ለጋምቤላ እንግዳ አይደለም። ክልሉ ከሦስት መቶ ሺህ በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን ያስጠልላል። በ2015 ሰኔ የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካው የተራድኦ ድርጅት የእርዳታ እህል ለሌላ ዓላማ ውሏል ብለው ምርመራ ሲጀምሩ ለስደተኞችም ይሰጥ የነበረውን ምግብ በመላ አገሪቱ አቆሙ። ለስደተኞች እደላው እንደገና የጀመረው 2016 ከገባ በኋላ ነው። ምርመራው ተገቢ ነበር፤ እህል የሰረቀ ካለ መያዝ አለበት። ነገር ግን በእነዚያ ወራት በኩሌና በጀዊ መጠለያ የራበው ሰው የተጠረጠረው ሰው አልነበረም። ያኔ ነገሩን ያወገዙ ሰዎች በየቢሮው ያለውን የዕግድ ደብዳቤ ሲያዩ ለምን ዝም እንደሚሉ አይገባኝም። መርሁ አንድ ነው፤ መርማሪው ጊዜ ሲፈልግ የጊዜው ዕዳ ምርመራውን በማይቆጣጠረው ሰው ሆድ ላይ ይጻፋል።

ደመወዝ አልባ ዕግድ ሌላም የማይታይ ጉዳት አለው፤ ምርመራውን ራሱን ያበላሻል። ይህን ከሕንድ የበለጠ ያሳየ ጉዳይ አላውቅም። በማድያ ፕራዴሽ ግዛት አንድ የደን ጠባቂ ኃላፊ ከሥራ ታገደ፤ ምርመራው የሚካሄደው እሱ ከሚኖርበት ከሬዋ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በጃግዳልፑር ነበር። መተዳደሪያ አበል በወቅቱ ስላልተከፈለው የመጓጓዣ ገንዘብ የለኝም፣ መቅረብ አልችልም ብሎ ጻፈ። ምርመራው እሱ በሌለበት ተካሄደና ተሰናበተ። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1973 በጋንሽያም ዳስ ሽሪቫስታቫ ጉዳይ ስንብቱን ሻረው። ገንዘብ የተከለከለ ሰው ራሱን የመከላከል ዕድል ተሰጥቶት ነበር ሊባል አይችልም አለ። ከጂካዎ ወይም ከአኮቦ ተነሥቶ ጋምቤላ ከተማ ያለ ኮሚቴ ፊት ለመቅረብ የጀልባና የመኪና፣ የማደሪያና የምግብ ወጪ ማሰብ ነው። ደመወዙ ለተያዘ ሰው ጠበቃ ማቆም ቀርቶ ማመልከቻ ማስጻፍ ራሱ ወጪ ነው፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፣ አፉን የፈታው ግን በኑዌርኛ ወይም በአኙዋክኛ ሊሆን ይችላል። በሌለበት ተሰማ፣ ክሱን አላስተባበለም የሚል ውሳኔ ስናነብ ለምን አልቀረበም ብሎ የሚጠይቅ ሊኖር ይገባል።

በግል ድርጅትና በእርዳታ ድርጅት ያለው ሠራተኛ ጉዳይ በሌላ ሕግ ይታያል፤ የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ደግሞ የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። በስደተኞች መጠለያ አካባቢ፣ በሆቴሉ፣ በአቦቦ እርሻ የተቀጠረው ሰው በተለምዶ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው የሚዳኘው። እዚህ ላይ የተስፋፋው አመለካከት የባሰ ስሕተት ነው። አዋጁ በአንቀጽ 27 አንድ ሠራተኛ ያለማስጠንቀቂያ ከመሰናበቱ በፊት ከሥራ የሚታገድባቸው ምክንያቶች በኅብረት ስምምነት ሊወሰኑ እንደሚችሉ ይናገራል፤ ለዕግዱም የወር ገደማ ጣሪያ አበጅቶለታል። ስለ ደመወዝ መቋረጥ ግን እዚያ የተጻፈ የለም። አሠሪዎች ክፍተቱን የሚሞሉት ዕግድ ማለት የሥራ ውል ለጊዜው መቋረጥ ነው፣ ውል ሲቋረጥ ደመወዝም ይቋረጣል በማለት ነው።

ይህ ግን ሁለት ነገር ማደባለቅ ነው። የሥራ ውል ለጊዜው የሚታገድባቸውን ምክንያቶች አንቀጽ 18 ለይቶ አስቀምጧል፤ በሠራተኛው ጥያቄ የተሰጠ ያለ ደመወዝ ፈቃድ፣ ለሠራተኛ ማኅበር ሥራ የተሰጠ ፈቃድ፣ እስር፣ ብሔራዊ ጥሪ፣ ከዐቅም በላይ የሆነ ምክንያት፣ በአሠሪው ጥፋት ያልመጣ የገንዘብ ችግር። ምርመራ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። በዝርዝሩ ከሌለ ደግሞ የሚገዛን አንቀጽ 54 ነው። አንቀጹ ደመወዝ የሚከፈለው ለተሠራ ሥራ ነው ብሎ ይጀምራል፤ ተቃዋሚዎቼ እዚህ ላይ ንባባቸውን ያቆማሉ። ቀጥሎ የሚመጣው ንዑስ አንቀጽ ግን ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ሳለ የመሣሪያና የጥሬ ዕቃ አቅርቦት በመቋረጡ ወይም ከእሱ ባልመነጨ ምክንያት ሳይሠራ ቢቀር ደመወዙን የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። በሩ የተዘጋበት ሠራተኛ አልሠራም አላለም። ቢፈቀድለት ነገ ጠዋት ይገባል። ምክንያቱ ከእሱ የመነጨ ነው የሚባለው ጥፋቱ ሲረጋገጥ ነው፤ እስኪረጋገጥ ድረስ በሩን የዘጋው አሠሪው ነው።

አንቀጽ 59ንም ጨምሩበት። በሕግ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንኳ ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው በድምሩ ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ አይችልም። በፍርድ ቤት የተረታ ባለዕዳ ሁለት ሦስተኛ ደመወዙን ይዞ ቤቱ ይገባል። ያልተፈረደበት የታገደ ሠራተኛ ባዶ እጁን ይገባል። እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ሕጉ ይህንኑ ነው የፈለገው ማለት የሚችል ሰው ቢኖር ክርክሩን በደስታ እሰማዋለሁ።

አሁን ወደ ተቃዋሚዬ ጠንካራ መከራከሪያ ልሂድ፤ ቀላሉን መትቶ መሸሽ ነውር ነው። እንዲህ ይለኛል፤ በእርግጥ የሰረቀ ሰው አለ። ሁለት ወር ሙሉ ደመወዝ ከፍለህ በመጨረሻ ታሰናብተዋለህ፣ ያን ገንዘብ ማን ይመልሳል? ደግሞስ ደመወዝ እየበላ ቤቱ መቀመጥ ቅጣት ሳይሆን ዕረፍት ይሆንለታል፤ ምርመራው እንዲጓተት የሚፈልገው እሱ ራሱ ይሆናል።

የመጀመሪያው እውነት ነው፤ አልክድም። የሚሰናበት ሰው የሁለት ወር ደመወዝ ይዞ ይሄዳል፣ በእኔ ምሳሌ 12,000 ብር። ይህ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛውን ከቦታው የማራቅ ሥልጣኑን ሲጠቀም የሚከፍለው ዋጋ ነው። ዋጋው ከበዛበት መውጫው በእጁ ነው፤ በሦስት ሳምንት ይጨርስ፣ 4,500 ብር እንኳ አይሞላም። ደግሞም የጎደለውን ንብረት ማስከፈል የሚችልበት የራሱ መንገድ አለው፤ በደመወዝ ዕግድ በኩል መሄድ አያስፈልገውም። ከዚያም በላይ ሰውየውን ቤቱ ማስቀመጥ ግዴታ አይደለም። ከመድኃኒት መጋዘን አንሥቶ መዝገብ ቤት ወይም ካርድ ክፍል ማሠራት ይቻላል። ቁልፉ ተወስዷል፣ ማስረጃው ተጠብቋል፣ ደመወዙም በሥራ ተከፍሏል። ይህ አማራጭ በደብዳቤዎቹ ውስጥ ለምን አይታይም? ደመወዝ ማቆም በነጻ ስለሚገኝ ማንም ስለ ሌላ መንገድ ማሰብ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው፣ ሠራተኛው ራሱ ያጓትታል የሚለው፣ መፍትሔው ቀላል ነው። ተጠርቶ ያልቀረበበት፣ ያለ በቂ ምክንያት ቀጠሮ ያስለወጠበት ቀን ይመዝገብና የዚያ ጊዜ ደመወዝ ይያዝ። ሕንዶች ይህን አስበውበታል። በኢንዱስትሪ ሠራተኞች ሕጋቸው ለታገደ ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት የደመወዙን ግማሽ ይከፍላሉ፤ ከዚያ በኋላ መዘግየቱ በሠራተኛው ምክንያት ካልሆነ ወደ 75 በመቶ ያሳድጉታል። ጊዜው በረዘመ ቁጥር አሠሪው የሚከፍለው ይጨምራል። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ሌላ መንገድ ይዛለች። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቷ እ.ኤ.አ. በ2019 በአንድ የቢራ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ጉዳይ ለጥንቃቄ የሚደረግ ዕግድ ሠራተኛውን አስቀድሞ መስማት አይጠይቅም ብሎ ወስኗል፤ ይህን ለማለት ካስቻሉት ነገሮች አንዱ ሰውየው ሙሉ ደመወዙ እየተከፈለው መታገዱ ነው። ለአሠሪው ሰፊ ሥልጣን ተሰጠው፣ በምላሹ ሒሳቡን እንዲከፍል ተደረገ። እኛ ጋ አሠሪው ሥልጣኑንም ይወስዳል፣ ሒሳቡንም ለሠራተኛው ይልካል።

እኔ ከሕንዱ ይልቅ ወደ ደቡብ አፍሪካው አደላለሁ። ግማሽ ደመወዝ ከምንም ይሻላል፤ ነገር ግን የጋምቤላን የቤት ኪራይና የገበያ ዋጋ የሚያውቅ ሰው በ3,000 ብር የሚኖር ቤተሰብ እንደሌለ ያውቃል። ሙሉ ደመወዝ ከመጀመሪያው ቀን መከፈል አለበት የምለው ከርኅራኄ የተነሣ አይደለም። ኮሚቴውን በሰዓቱ የሚሰበስበው ሌላ ኃይል ስላላየሁ ነው። ማሳሰቢያ፣ ሰርኩላር፣ የመልካም አስተዳደር ስብሰባ ሁሉ ተሞክሯል። ሳይሠራ ስሙ በፔሮል ላይ በየወሩ የሚወጣ ሰው ካለ ግን ኦዲተሩ ለምን ብሎ ይጠይቃል፣ ኃላፊውም መልስ ለማግኘት ኮሚቴውን ይጠራል።

ሕጉ እስኪሻሻል ደግሞ አሁን ያለው ራሱ ሊተገበር ይችላል። የሁለት ወሩ ገደብ ለብዙ ኃላፊዎች የዕግዱ መነሻ እንጂ ጣሪያ አይመስላቸውም። ለምርመራው ተጨማሪ ጊዜ ቢያስፈልግ ምርመራው ይቀጥል፤ ዕግዱ ግን አብሮት አይቀጥልም። በስድሳ አንደኛው ቀን ሰውየው ወይ ወደ ሥራው ይመለሳል፣ ወይ ወደ ሌላ ቦታ ይመደባል፣ ደመወዙም ይጀምራል። ይህን ለማግኘት የመጨረሻውን ውሳኔ መጠበቅ አያስፈልገውም፤ ያለ አግባብ መታገድና ደመወዝ ያለ አግባብ መያዝ በፌዴራሉ አዋጅ ለአስተዳደር ፍርድ ቤት ራሳቸውን ችለው የሚቀርቡ አቤቱታዎች ናቸው።

ስለዚህ ደብዳቤው የደረሰው ሰው መጀመሪያ ምክንያቱ ተጽፎ እንደሆነ፣ የሚያበቃበት ቀን ተጠቅሶ እንደሆነ፣ የፈረመው የበላይ ኃላፊው መሆኑን ይመልከት። ቀኑ ካልተጻፈ በዚያው ሳምንት ይጻፍልኝ ብሎ በማመልከቻ ይጠይቅ፤ ማመልከቻውን መዝገብ ቤት አስገብቶ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን በራሱ ቅጂ ላይ ያስጽፍ። ንብረት ሲቆጠር ልገኝ፣ ካልቻልኩም ወኪሌ ይገኝ ብሎ በጽሑፍ ያሳውቅ። ለስብሰባ በተጠራ ቁጥር የጥሪውን ወረቀት ያስቀምጥ፤ ኮሚቴው ሳይሟላ ቀርቶ ከተመለሰ ያንኑ ቀን ጽፎ ያስገባ፤ ማን እንዳጓተተ ኋላ የሚያሳየው ይህ ወረቀት ነው። ሁለቱ ወር ባለቀ ማግስት ጠዋት በሥራ ሰዓት ቢሮው ይገኝ፤ አትግባ ከተባለ ለሥራ ዝግጁ ሆኜ ቀርቤ ተመልሻለሁ ብሎ ጽፎ ግልባጩን ለሲቪል ሰርቪስና ለፋይናንስ ያድርስ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለው ደመወዝ የሚጠየቀው በዚያ ወረቀት ቀንና ቁጥር ነው።